አዲሱ ጫማና የጭቃው መንገድ፦ አንድ አጭር ልቦለድ ደረጃ በደረጃ እንዴት ይጻፋል?

አንድ ልጅ ለትምህርት ቤት የሚሆን የመጀመሪያውን የቆዳ ጫማ ያገኛል፤ በማግስቱ የሚሄድበት መንገድ ግን ጭቃ ነው። በዚህ ሐሳብ ላይ አጭር ልቦለድ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ደስታውም ስጋቱም ተዘጋጅተው የቀረቡለት ስለሚመስለው፣ ታሪኩን ግማሹ እንዳለቀ ቆጥሮ ይጀምረዋል። እኔም በመጀመሪያው ረቂቄ እንዲሁ ጀምሬ ልጁን ጭቃ ውስጥ ጣልኩት፣ አስለቀስኩት፣ በመጨረሻም እናቱ አቅፋ ይቅር እንድትለው አደረግሁ። ረቂቁን ከሳምንት በኋላ ሳነበው ልጁ ከመውደቁ በቀር በገዛ ፈቃዱ ያደረገው አንዳችም ነገር እንደሌለ፣ ጫማውም በሌላ በማናቸውም አዲስ ዕቃ ቢተካ ታሪኩ ምንም እንደማይጎድልበት ተረዳሁ።

ከዚህ በታች የቀረበው ያን ረቂቅ ጥዬ እንደገና ስጽፍ የተከተልኩት ቅደም ተከተል ነው። የታሰበው 1,500 ቃል ገደማ ለሚሆን ልቦለድ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ልጁ፣ እናቱና በመንገድ ላይ የምታልፍ አንዲት ተማሪ ብቻ ሲሆኑ፣ መቼቱ ከአንድ ቀን ማታ ተነሥቶ በማግስቱ ማታ ያበቃል። ልጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሆነው ነው፤ ስም አልሰጠሁትም፣ ምክንያቱም በታሪኩ ውስጥ ስሙን የሚጠራበት ሰው አላስፈለገኝም።

አንደኛ፦ ስጋቱን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ማውረድ

«ልጁ ጫማው እንዳይበላሽ ይሰጋል» የሚለው አባባል ለጸሐፊ ብዙም አይጠቅምም። የሚሰጋው ማንን ነው? እኩዮቹ እንዳይስቁበት ከሆነ ታሪኩ ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይሳባል። እናቱ እንዳትቆጣው ከሆነ ታሪኩ ስለ ቅጣት ይሆናል፤ ለጫማው ራሱ አዝኖ ከሆነ ደግሞ ታሪኩ በልጁና በዕቃው መካከል ብቻ ይቀራል። ሦስቱንም በአንድ አጭር ልቦለድ ውስጥ ለመያዝ የሚሞክር ጸሐፊ አንዱንም በቅጡ አይዝም፤ ስለዚህ አንድ ብዕር ከመነሣቱ በፊት አንዱን መምረጥ ያስፈልጋል።

እኔ እናቱን መረጥሁ፤ ቁጣዋን ግን አልመረጥሁም። እናቱ ጫማውን ከመስጠቷ በፊት ምንም ሳይነካው በእጅጌዋ ስትጠርገው ልጁ እንዲያይ አደረግሁ። ልጁ ያንን አይቶ ጫማው በእሷ ዘንድ ምን ያህል እንደሚቆጠር ያውቃል፤ ማንም አልነገረውም፣ አንባቢውም አይነገረውም። ከዚያ በኋላ ስጋቱን እንዲህ አድርጌ በወረቀት ላይ አሰፈርሁት፦ «ልጁ ጫማውን ማታ ለእናቱ ሲያሳያት፣ እንደተቀበለው ሆኖ ሊያሳያት ይፈልጋል።» ይህ ዓረፍተ ነገር በልቦለዱ ውስጥ አይገባም፤ ጥቅሙ ለጸሐፊው ብቻ ነው። ጊዜ፣ ሰውና ድርጊት ስላለበት ታሪኩ የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ ያሳያል፦ ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ እናቱ ጫማውን በምታይበት ቅጽበት። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር መጨረሻውን የማያመለክት ከሆነ ስጋቱ ገና አልተለየም ማለት ነውና ይድገሙት።

ሁለተኛ፦ ጫማውን ከታሪኩ በፊት ማወቅ

በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ጸሐፊዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ጫማው «አዲስ» እና «የሚያብረቀርቅ» ከመባል አያልፍም፤ «እንደ መስታወት አበራ» የሚለውን ሐረግማ ለማሰብ እንኳ የሚደክም የለም። ከተቻለ አንድ አዲስ የቆዳ ጫማ በእጅ ይዞ ማገላበጥ፣ ካልተቻለ ደግሞ የልጅነትን እግር ማስታወስ ይጠቅማል። በባዶ እግሩ ወይም በሸራ ጫማ መሮጥ ለለመደ ልጅ የቆዳ ጫማ መጀመሪያ የሚያስታውቀው በዓይን ሳይሆን በእግር ነው። ሶሉ እንደ ልብ ስለማይታጠፍ እግሩን ሙሉውን አንሥቶ ሙሉውን ያሳርፋል፤ የኋላው ጠርዝ ገና ስላልለሰለሰ ተረከዙን ይልጠዋል፤ ሲራመድ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሶሉ ገና ምንም ያልቧጨረው በመሆኑም ደረቅ ወለል ላይ እንኳ ያዳልጣል።

ስለ ቆዳና ስለ ውኃም እውነቱን ማወቅ ያሻል። ቆዳ ውኃ ሲነካው ይጠቁራል፤ ጠልቆ ሲረጥብ ይለሰልሳል፣ ይለጠጣልም። ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው መርጠቡ ሳይሆን አደራረቁ ነው። የረጠበ ጫማ እሳት ዳር ሲቀመጥ በፍጥነት ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ ከታጠፈበትም ይሰነጠቃል። ወረቀት ተጠቅጥቆበት በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ቢደርቅ ግን በአመዛኙ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ጭቃውም ቢሆን ከደረቀ በኋላ በብሩሽ ሲወገድ ይለቅቃል፤ እርጥብ እያለ በደረቅ ጨርቅ ሲፈተግ ግን በውስጡ ያለው አሸዋ ቀለሙን ይቧጭረዋል። ይህን ሁሉ ልጁ አያውቅም። ለእሱ አንድ የጭቃ ጠብታ ማለት የጫማው ፍጻሜ ነው። ጸሐፊው እውነቱን አውቆ ልጁ የማያውቀውን ሳይነግረው ሲቀር፣ አንባቢ ልጁን ከላይ ሆኖ ሳይንቀው ስለ እሱ ሊያዝን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ዕውቀት ወደ ታሪኩ የሚገባው ጥቂት ነው። እኔ ሦስት ነገር ብቻ አስቀረሁ፦ ጫማው በአንድ ቁጥር መስፋቱን፣ ሶሉ ልሙጥ መሆኑንና የውስጥ ገበሩ ነጣ ያለ መሆኑን። እነዚህን የመረጥኋቸው ሦስቱም በኋላ ሥራ ስለሚሠሩ ነው። ሽታውን በጣም እወደው ስለነበር ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፌለት ነበር፤ ነገር ግን መንገድ ላይ የሚያደርገው ምንም ነገር ስላልነበረው አወጣሁት። የርክክቡ ትዕይንት በመጨረሻ ይህን መሰለ፦

«እናቱ ጫማውን ከካርቶኑ አወጣች። ገልበጥ አድርጋ ሶሉን አየችው፤ ከዚያም ምንም ሳይኖርበት አፍንጫውን በእጅጌዋ ጠረገችው። ልጁ አጠለቀው። እሷም በአውራ ጣቷ ከፊት በኩል ተጭና ጣቶቹን ፈለገች፤ አላገኘቻቸውም። “ለከርሞም እንዲሆንህ ብዬ ነው” አለችና ጥጥ ጠቅጥቃ መለሰችለት። ልጁ ቆሞ ተራመደ። ጫማው ከእግሩ ትንሽ ዘግይቶ ይነሣ ነበር። ሲያወልቀው ወደ ውስጡ ተመለከተ፤ ገበሩ እንደ አዲስ ደብተር ነጭ ነበር።»

እዚህ ላይ ስለ ደስታ የተባለ ነገር የለም። «ጫማው ከእግሩ ትንሽ ዘግይቶ ይነሣ ነበር» የሚለው ደግሞ በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ንግር የሚባለው ነው፤ ገና የሚመጣውን ያመለክታል፣ ግን አንባቢው ሲያነበው ተራ ዝርዝር መስሎት ያልፈዋል።

ሦስተኛ፦ ጭቃውን በየዓይነቱ መለየት

አማርኛ ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገውን ልዩነት አስቀድሞ አዘጋጅቶታል። ድጥ የሚያንሸራትተው ነው፤ ከሥሩ ጠንካራ መሬት አለ፣ በላዩ ግን ስስ እርጥብ አፈር ተለብጧል። ማጥ ደግሞ የሚያሰምጠው ነው። «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለውን አባባል ሁላችንም ስለምንደጋግመው ሁለቱን ቃላት አንድ አድርገን ማየት ለምደናል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ሁለቱ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፣ ከእግረኛውም የሚጠይቁት ተቃራኒ ነገር ነው። ድጥ ላይ የሚያዋጣው ቀስ ብሎ፣ እግርን አስፍቶ፣ ክብደትን በእግር ላይ አሳርፎ መሄድ ነው። ማጥ ውስጥ ግን የቆመ ሰው እየሰመጠ ስለሚሄድ መዘግየት ራሱ ጉዳት ነው። ለድጥ ያዘጋጀውን አረማመድ ይዞ ማጥ ውስጥ የገባ ልጅ ይያዛል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የሸክላ ጸባይ ያለው አፈር እጅግ የሚጣበቀው ዝናቡ እየወረደበት ሳለ አይደለም፤ ውኃው ሲበዛ አፈሩ ይቀጥንና ከጫማ ላይ ይታጠባል። ዝናቡ አባርቶ ውኃው ጥቂት ሲሰርግ ነው አፈሩ እንደ ሊጥ የሚሆነውና ሶል ላይ እየተደራረበ የሚከብደው። ስለዚህ በታሪኬ ውስጥ ዝናቡን ሌሊት አዘነብሁትና ሊነጋ ሲል አቆምሁት። ልጁ ጠዋት ሲነሣ ሰማዩ ጠርቶ ያገኘዋል፤ እፎይ ይላል፤ መንገዱ ግን ከመቼውም ይልቅ የከፋበት ሰዓት ነው። ዝናብ እየዘነበ ልጁን ማስኬድ ለጸሐፊ ይቀላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የሚጽፈው ስለ ዝናብ እንጂ ስለ ጭቃ አይሆንም።

ቀጥሎ መንገዱን በወረቀት ላይ ይሳሉት። የልጅ እርምጃ ግማሽ ሜትር ያህል ነው ብንል አንድ ኪሎ ሜትር 2,000 እርምጃ ይሆናል፤ ሁሉንም መጻፍ አይቻልም፣ መጻፍም አይገባም። ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ምልክት አደረግሁ። የመጀመሪያው ከቤት ብዙ ሳይርቅ ያለ ቁልቁለት ሲሆን ድጥ ነው። ሁለተኛው በዳርና በዳሩ አጥር ያለበት፣ ከብትና ሰው ያቦካው ጠባብ መተላለፊያ ሲሆን ማጥ ነው። ሦስተኛው ከትምህርት ቤቱ በር በፊት ያለ ኩሬ ነው። ኩሬውን በኋላ ሰረዝሁት፤ ከማጡ በኋላ የመጣ ችግር ሁሉ ያነሰ ሆኖ ስላገኘሁት ብቻ ሳይሆን፣ ልጁ እግሩን የሚታጠብበት ውኃ ማግኘት እንደሌለበት ዘግይቼ ስለ ገባኝ ነው። በታሪኩ መንገድ ላይ ያለ ማንኛውም ውኃ መጨረሻውን ያፈርስብኝ ነበር።

አራተኛ፦ ልጁን ውሳኔ ላይ ማድረስ

ልጁ መተላለፊያው አፍ ላይ ቆሟል። አሁን ማድረግ የሚችለውን ሁሉ መዘርዘርና ከእነዚያ ውስጥ ቀላል የሆኑትን አንድ በአንድ መዝጋት የጸሐፊው ሥራ ነው። ዞሮ መሄድ ይችላል፤ ግን ዙሪያው ሩቅ ነው፣ የሰልፉ ደወል ሊደወል ተቃርቧል። የአጥሩን ሥር ይዞ በሣሩ ላይ መሄድ ይችላል፤ ግን ከእሱ በፊት ያለፉት ሁሉ ይህንኑ አስበው ስለነበር ሣሩ ተረግጦ ጭቃ ሆኗል። በጫማው ላይ ፕላስቲክ ከረጢት ማሰር ይችል ይሆናል፤ ቁልቁለቱ ላይ በልሙጡ ሶል ብቻ እንኳ ሊወድቅ ለጥቂት ስለ ተረፈ ከረጢት ቢጨመርበት እንደማይቆም ያውቃል፤ ከረጢትም በእጁ የለም። ተራምዶ መግባትን ግን በሐሳብ ብቻ አልዘጋሁበትም፤ እንዲሞክረው አደረግሁ።

አንድ እርምጃ ብቻ ይገባል። ማጥ ውስጥ የገባ እግር ቀጥ ብሎ ሲነሣ ከሶሉ ሥር አየር ስለማይገባ ጭቃው ጫማውን ወደ ታች ይስባል። ተረከዝን አስቀድሞ በማንሣት አየር ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ ቁጥር የሰፋ ጫማ ያደረገ ልጅ ተረከዙን ሲያነሣ የሚነሣው ተረከዙ ብቻ ነው፣ ጫማው ባለበት ይቀራል። እናቱ «ለከርሞም እንዲሆንህ» ያለችው አሁን ዋጋውን ይጠይቃል። ልጁ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ኋላ በእጁ ይዞ፣ እግሩን ከነጫማው ወደ ኋላ ይስባል። የሶሉ ጠርዝ ብቻ ቀልሟል፤ በቅጠል ይጠርገዋል። ቀጥሎ ማሰሪያውን ይፈታል።

ውሳኔው ይህ ነው፦ ጫማውንም ካልሲውንም አውልቆ፣ ሁለቱን ማሰሪያዎች አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ይሻገራል። ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ልጅ የሚወስነው ነው፤ ጫማውንም ያድናል። ታሪኩ የሚዞረውም በዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጭቃው ከጫማው ላይ ወደ እግሩ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በማዶ በኩል እግሩን ወደ ነጩ ገበር ማስገባት አለበት። የልጁን ፍላጎት የሚያሟላውም የሚያፈርሰውም አንድ ድርጊት ሆነ ማለት ነው። ይህን ካገኘሁ በኋላ የቀረው ጽሕፈት ሁለት ቀን አልፈጀም፤ ይህን ከማግኘቴ በፊት ግን ሦስት ሳምንት በከንቱ ባክኛለሁ።

አምስተኛ፦ መንገዱን መጻፍ

ከ1,500ው ቃል 300 ያህሉን ለርክክቡ፣ 100 ያህሉን ለሌሊቱ፣ 700 ያህሉን ለመንገዱ፣ የቀረውን ለትምህርት ቤቱና ለማታው ይመድቡ። ክፍፍሉ ትክክል መሆኑን ማወቂያው ቀላል ነው፦ ልጁ ጫማውን የሚያወልቀው ከታሪኩ አጋማሽ እምብዛም ሳያልፍ ከሆነ ለመዘዙ በቂ ቦታ ቀርቷል፤ የሚያወልቀው ወደ መጨረሻው ገጽ ከሆነ መጀመሪያው ተንዛዝቷል፣ ከርክክቡ ላይ ይቀነስ።

ተራኪው ሦስተኛ መደብ ሆኖ ከልጁ ዓይን የማይርቅ ቢሆን ይሻላል። «እኔ» እያለ የሚተርክ ልጅ ወይ ከዕድሜው በላይ ይናገራል፣ ወይም ጎልማሳ ሆኖ ወደ ልጅነቱ የሚመለከት ሰው ይሆናል፤ ይህ ሁለተኛው ሁሉም ነገር በደኅና እንዳለፈ አስቀድሞ ስለሚያስታውቅ ስጋቱን ያላላዋል። ሁሉን አወቅ ተራኪም እናቱ ምን እንደምታስብ የመናገር ፈተና ውስጥ ይገባል፤ እናቱ የምታስበው ከታወቀ ደግሞ ታሪኩ አለቀ።

«ፈራ»፣ «ሰጋ»፣ «ተጨነቀ»፣ «ልቡ ተሰቀለ» የሚሉትን በመንገዱ ክፍል ውስጥ አይጠቀሙ። ለልጁ ሥራ ይስጡት፣ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ይጻፉ። በአንደኛው ረቂቄ ላይ ቁልቁለቱ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ «ልጁ ጫማው እንዳይበላሽበት በጣም ተጨንቆ ቁልቁለቱን በፍርሃት ወረደ።» በታረመው ላይ ይህን መሰለ፦

«ቁልቁለቱን በጎን ወረደው። አንዱን እግር አሳርፎ፣ ጫማውን አይቶ፣ ሌላውን አሳረፈ። መካከል ላይ ሲደርስ የግራው ሸርተት አለበት፤ እጁን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። መዳፉ፣ ጉልበቱና የሱሪው ጫፍ ጭቃ ነኩ። ጫማውን ተመለከተ። ምንም አልሆነም። መዳፉን በሱሪው ላይ ጠረገ።»

ሱሪውን ጨርሶ አለማሰቡ ስጋቱን ይናገራል። አንባቢው «ሱሪህስ?» ብሎ እንዲጠይቅ ነው የተተወው፤ ማንም ገጸ ባሕርይ ይህን ጥያቄ እንዲያነሣ አያድርጉ። ዓረፍተ ነገሮቹ እዚህ ላይ ማጠራቸውም አረማመዱን ለመከተል ነው። መተላለፊያውን በባዶ እግሩ ሲሻገር ግን አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ተጠቅሜያለሁ፤ ጫማው ከእግሩ ስለ ወጣና አንገቱ ላይ ስለ ተንጠለጠለ አካሄዱ ተለውጧል፣ ይሮጣል፣ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይሰምጣል፣ ጭቃው በጣቶቹ መካከል ይወጣል፣ በዚህ ሁሉ ውስጥም ደስ ይለዋል። ከዚህ በኋላ በታሪኩ ውስጥ ደስ የሚለው ቦታ ስለሌለ እዚያ ላይ ትንሽ ልቅ ብለው ቢጽፉ አንባቢው አይቀየምዎትም።

ምልሰት አያስገቡ። ልጁ መተላለፊያው አፍ ላይ ቆሞ ያለፈውን ዓመት፣ አሮጌውን ጫማ፣ የቤቱን ችግር እንዲያስታውስ ማድረግ የሚያጓጓ ነው፤ ጭቃ ፊት የቆመ ልጅ ግን የሚያስበው ስለ ጭቃው ነው።

ስድስተኛ፦ አንድ አጭር ምልልስ

በመንገዱ ላይ አንዲት ከእሱ ከፍ ያለች ተማሪ ትመጣለች። ያስፈለገችኝ ልጁ ስጋቱን ለማንም እንደማይናገር ለማሳየት ነው፤ ስለዚህ ምልልሱ ከአራት መስመር አይበልጥም።

«“ጫማህን ለምን ተሸከምከው?” አለችው።
“ላጠኝ።”
“የት ጋ?”
ልጁ ተረከዙን ሊያሳያት እግሩን አነሣ፤ ከጭቃው የተነሣ ምንም አይታይም ነበር። ልጅቷ ሳቀችና ከነቦቲዋ ገብታ ሄደች።»

ውሸቱ ትንሽ ነው። ሆኖም ማታ የሚያስፈልገውን ሁለተኛ ውሸት የሚያለማምደው ይህ ነው፤ ቦቲዋም ያለ አንዳች ማብራሪያ ለእሷ መንገዱ መንገድ ብቻ መሆኑን ያሳያል። ልጅቷ እንድትመክረው፣ እንድትሸከመው ወይም ጫማውን እንድታደንቅለት ከተደረገ የልጁ ብቸኝነት ይፈርሳል።

ሰባተኛ፦ መጨረሻው

ከመተላለፊያው ማዶ ልጁ እግሩን በሣር ይጠርጋል። ወፍራሙ ጭቃ ይወርዳል፣ ስሱ ይቀራል፤ በሣር የማይወጣው በጣቶቹ መካከል ያለው ነው። ደወሉ ይደወላል። ልጁ ኪሱ ውስጥ የከተታቸውን ካልሲዎች ያወጣና ካልሲውን ከገበሩ በፊት መሥዋዕት ያደርጋል፤ እርጥቡ እግር ላይ ሲጎትተው ይጠቁራል። ከዚያ ጫማውን ያጠልቅና ያስራል። በሰልፉ ላይ ጫማው ከሁሉም የጸዳ ነው።

የትምህርቱን ቀን በሁለት ዓረፍተ ነገር አለፍሁት፤ የመጀመሪያው ጭቃው በካልሲው ውስጥ እየደረቀ መኮማተሩን፣ ሁለተኛው ልጁ በዕረፍት ሰዓት ከክፍል አለመውጣቱን ይናገራል። የመልሱን መንገድ ግን ጸጥ ብሎ መዝለል አይቻልም፤ ጠንቃቃ አንባቢ «ማታስ በየት ተመለሰ?» ይላል። «ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ መንገዱን አድርቆት ነበር፤ ልጁ በዙሪያው ሄደ፣ የሚያስቸኩለው ነገር አልነበረም» በማለት ዘጋሁት።

ለማታው ሦስት አማራጭ ሞክሬ ነበር። በአንደኛው እናቱ ውስጡን አይታ ትስቃለች፤ ይህ ያንን የመጀመሪያ ረቂቅ በጓሮ በር መልሶ የሚያስገባ ነው። በሁለተኛው ልጁ ሁሉንም ይናዘዛል፤ ያን ያህል የተደበቀ ልጅ በአንድ ማታ ለምን እንደሚናዘዝ ምክንያት አላገኘሁለትም። በሦስተኛው እናቱ ጫማውን ታያለች፣ ውጪው እንደተቀበለው ነው፣ ደስ ይላታል፤ ከደስታዋም የተነሣ ልጁ የማይፈልገውን ነገር ትጠይቃለች። ያቆየሁት ይህን ነው፦

«እናቱ ከፊቱ ተንበረከከች። አፍንጫውን አየች፣ ጎኑን አየች፣ ተረከዙን አየች። በእጅጌዋ ልትጠርገው እጇን አነሣችና የሚጠረግ ስላጣች መለሰችው። “በዚያ መንገድ ሄደህ?” አለች። ልጁ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። “በል አውልቀው፤ ለነገ ቀለም ልቀባልህ።” ልጁ ወደ ማሰሪያው ጎንበስ አለ። ቋጠሮውን አገኘው። “ጠብቋል” አላት።»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያስተውሉ። እጅጌው ተመልሶ መጥቷል፤ በመጀመሪያው ትዕይንት ምንም ሳይኖር ጠርጋ የነበረች እናት አሁን ለመጥረግ ምክንያት ስታጣ ልጁ የፈለገውን በሙሉ አግኝቷል። «ጠብቋል» የሚለው ደግሞ ሁለተኛው ውሸት ነው። አንባቢው በጫማው ውስጥ ያለውን ያውቃል፤ እናቱ ገና አላወቀችም፤ ልጁም ቋጠሮውን ይዞ ይገኛል።

ስምንተኛ፦ ማረም

ጽሑፉን ለሁለት ቀን ያህል ዘግተው ካቆዩ በኋላ ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። በመጀመሪያው ንባብ የሚፈለገው የጫማው አቀማመጥ ብቻ ነው፦ በእያንዳንዱ አንቀጽ ጫማው የት ነው? በእግሩ፣ በእጁ፣ በአንገቱ ወይስ በመሬት ላይ? እኔ ልጁ በአንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ጫማ ከሁለት አንቀጽ በኋላ «በእግሩ እየተራመደበት» አግኝቼዋለሁ። ካልሲውም እንዲሁ ነው፤ ኪሱ ውስጥ መግባቱ ካልተጻፈ ከኪሱ ሊወጣ አይችልም።

በሁለተኛው ንባብ ጫማውን የሚያሞካሹትን ቅጽሎች ይቁጠሩ። በሙሉው ልቦለድ ውስጥ «አዲስ» አንድ ጊዜ ቢገኝ ይበቃል፤ በእኔ ረቂቅ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ነበር፣ ከእነዚህም አሥሩ ያለ ምትክ ሲወጡ ምንም አልጎደለም። የቀረውም ለጫማው ሳይሆን ገበሩን ለመሰልሁበት ደብተር ነው።

በሦስተኛው ንባብ ከመጨረሻው መስመር በኋላ የተጻፈ ነገር እንዳይኖር ያረጋግጡ። በእኔ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እናቱ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ልትፈታለት እጇን ስትዘረጋ ያሳያል። ዓረፍተ ነገሩ መጥፎ አልነበረም፤ ግን ልጁ የያዘውን ቋጠሮ ከእጁ ስለሚወስድበት ሰረዝሁት፣ ታሪኩም «ጠብቋል» ላይ ቆመ።